የፕለይ ስቶር ገጽ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማት የሚሄዱ ጀልባዎችን መቀመጫ የሚያስይዝ አፕ ሠርታችኋል እንበል። ተሳፋሪው በስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ በኤስኤምኤስ የመጣለትን ኮድ ያስገባል፣ ጀልባ ይመርጣል፣ በቴሌብር ይከፍላል። አፑ በእናንተ ስልክ ላይ ያለ እንከን ይሠራል። እንዲህ ያለ አፕ ወደ ፕለይ ስቶር ተልኮ ሳይጸድቅ ተመልሶ ሲመጣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ኮዱ ላይ ሳይሆን ከአፑ ጋር በተሞላው መረጃ ላይ ነው።

ገምጋሚው የማይገባበትን አፕ መላክ

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ይህን ነው፤ እዚህ አገር የሚሠሩ አፖችን በተለይ የሚያጠቃ ስህተት ነውና። የጉግል ገምጋሚ በ+251 የሚጀምር ስልክ በእጁ የለውም። ኤስኤምኤሱ ስለማይደርሰው ከመግቢያው ገጽ አያልፍም፣ ያላየውን አፕ ደግሞ አያጸድቅም። በመልሱ ደብዳቤ ላይ የተያያዘው ምስል የራሳችሁን መግቢያ ገጽ ካሳየ ችግሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ኮዱ የማይለወጥ የሙከራ ቁጥር ማዘጋጀት ነው። ፋየርቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ በስልክ መግቢያው ቅንብር ውስጥ Phone numbers for testing የሚል ቦታ አለ፤ ቁጥሩንና ባለ ስድስት አሃዙን ኮድ እዚያ ታስገባላችሁ፣ ኤስኤምኤስም አይላክም። የራሳችሁ ሰርቨር ከሆነ ለዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ቋሚ ኮድ እንዲቀበል አድርጉት። ከዚያ በፕለይ ኮንሶል App access በሚለው ገጽ ቁጥሩን፣ ኮዱንና የአገባቡን ቅደም ተከተል በእንግሊዝኛ ጻፉ።

መግባት ብቻውን ግን አይበቃም። ገምጋሚው ቴሌብር ስለሌለው ክፍያው ላይ ይቆማል። ስለዚህ የሙከራው አካውንት የሙከራ ጀልባ ብቻ ይታየው፣ ሳይከፍልም እስከ ትኬቱ ይድረስ። አለዚያ የእውነተኛ ተሳፋሪ መቀመጫ ሊያዝበት ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ሲም ካርድ የሌለው ስልክ ወስዳችሁ በዋይፋይ ብቻ፣ የጻፋችሁትን መመሪያ ቃል በቃል እየተከተላችሁ እስከ ትኬቱ ሂዱ። የምትቆሙበት ቦታ ካለ ገምጋሚውም እዚያው ይቆማል።

በስክሪንሾት ፋንታ የጣናን ፎቶ መስቀል

የኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችና የሐይቁ ጎሕ ያምራሉ፤ ስክሪንሾት ግን አፑ ሲሠራ የሚታየውን ማሳየት አለበት። ለፎቶው 1024 በ500 ፒክስል የሆነው የገጹ ዋና ምስል አለለት። ስክሪንሾቶቹ ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 8 ናቸው፤ የጀልባ መምረጫውን፣ የመነሻ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና ትኬቱን የሚያሳዩ አራት ቢሆኑ ይመረጣል። መጠኑንም ተመልከቱ፦ የብዙ ስልኮች ስክሪን 1080 በ2400 ስለሆነ ርዝመቱ ከወርዱ እጥፍ ይበልጣል፣ ይህም ከመመሪያው ውጭ ነው። ሳትለጥጡ ወደ 1080 በ1920 ቁረጡት። የእውነተኛ ደንበኛ ስምና ስልክ በምስሉ ላይ እንዳይቀር።

መግለጫውን በቁልፍ ቃላት ማጨቅ

ባለ 100 ፊደሉ የቁልፍ ቃላት ሳጥን የአፕል ነው፤ ፕለይ ስቶር ላይ የለም። ይህን ሲያውቁ ብዙዎች «ጣና፣ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ጀልባ፣ ጉዞ፣ ሆቴል» እያሉ ቃላቱን መግለጫው ግርጌ ይደረድራሉ። ይህ ያስመልሳል። በርዕሱ ላይ «ምርጥ»፣ «ነፃ»፣ «ቁጥር 1» ማለትም እንዲሁ።

ርዕሱ 30 ፊደል ነው፤ «ጣና ጀልባ፦ የመቀመጫ ማስያዣ» በደንብ ይገባል። ለአጭሩ መግለጫ 80 ፊደል አላችሁ፦ «ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ደብረ ማርያምና ክብራን ገብርኤል የጀልባ መቀመጫ ይያዙ፤ በቴሌብር ይክፈሉ።» ሰው «ባህር» ብሎም ስለሚፈልግ ሌላውን አጻጻፍ በረጅሙ መግለጫ ውስጥ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስገቡት። የእንግሊዝኛውን ገጽ ለብቻው ሙሉት፤ ስልኩን በእንግሊዝኛ የሚጠቀም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ረጅሙ መግለጫ እስከ 4000 ፊደል ስለሚይዝ ተሳፋሪው በእርግጥ የሚያስፈልገውን ንገሩት። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ መጻፍ አሥር ቁልፍ ቃል ከመደርደር ይልቅ ይጠቅማል።

ዕድሜን በግምት መሙላት

ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይምታታሉ። Target audience የሚጠይቀው አፑን ለማን እንደሠራችሁት ነው። ብዙ ሰው ይደርሰዋል ብላችሁ ሁሉንም የዕድሜ ክልል ብትመርጡ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የወጣው ጥብቅ ፖሊሲ ይመለከታችኋል። ጀልባ የሚያስይዘውና የሚከፍለው አዋቂ ነው፤ ስለዚህ 18 እና ከዚያ በላይ የሚለውን ምረጡ።

Content rating ግን በአፑ ውስጥ ስላለው ነገር የሚጠይቅ መጠይቅ ነው። ተሳፋሪና ባለጀልባ በአፑ ውስጥ መጻጻፍ ከቻሉ ተጠቃሚዎች ይገናኛሉ ወይ ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው። ደረጃውን ዝቅ ለማድረግ «አይደለም» ብሎ መመለስ አፑን ከስቶሩ ሊያስነሣው ይችላል። መጻጻፊያውን በኋላ በዝማኔ ከጨመራችሁም መጠይቁን እንደገና ሙሉት።