ክብደት አልቀንስ ሲል ብርጭቆዎን ይፈትሹ፦ ከሻይ እስከ ቢራ

ዋናው ምልክት፦ እንጀራው በግማሽ ቀንሷል፣ ዳቦ ቀርቷል፣ ማታ ማታ የእግር ጉዞ አለ። ሚዛኑ ግን ወር ሙሉ ፈቀቅ አላለም።

በመጀመሪያ ሚዛኑ በእርግጥ መቆሙን ያረጋግጡ። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመዘኑና አማካዩን ይያዙ። የ4 ሳምንት አማካይ እኩል ከሆነ ቆሟል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያው ምግቡን ደግሞ ይቀንሳል። እኛ ግን ከዚያ በፊት ለአንድ ሳምንት የሚጠጣውን መለካት ይሻላል እንላለን፤ የሚበላውን ቆጥሮ የሚጠጣውን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነውና።

የስኳር ጠርሙስ ፍተሻ

በባዶ የጃም ጠርሙስ 250 ግራም፣ ማለትም ሩብ ኪሎ ስኳር መዝነው ያስቀምጡ። ለ7 ቀን ቤት ውስጥ ለሻይም ለቡናም የሚጨምሩት ከዚያ ጠርሙስ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ቤተሰብ ከራሱ ዕቃ ይጠቀም። ውጭ ለሚጠጡት ስንት ማንኪያ እንደጨመሩ በስልክዎ ይመዝግቡ። በሳምንቱ መጨረሻ የቀረውን ይመዝኑ።

ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ስላለው ማንኪያው 16 ካሎሪ ይሆናል። በቀን 3 ሻይ በ3 በ3 ማንኪያ የሚጠጣ ሰው በሳምንት 252 ግራም ይጨርሳል፤ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ያውም ለጥ ባለ ማንኪያ ሲሆን ነው። ማንኪያው ከተቆለለ 7 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ «ሦስት ብቻ ነው የምጨምረው» የሚለው ሰው አምስት ሊጠጋ ነው። ስኳሩ አስቀድሞ ተበጥብጦ ከተቀዳ ሻይ የሚጠጡ ከሆነ መቁጠር ስለማይቻል፣ ለፍተሻው ሳምንት ያለ ስኳር ይዘዙና ራስዎ ይጨምሩ።

ማር የሚያመልጥ መስሏቸው የሚቀይሩ አሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ያህል ስለሚመዝን ወደ 21 ካሎሪ ይሆናል፤ ከለጥ ያለ የስኳር ማንኪያ ይበልጣል። ብርዝም በዚሁ ሂሳብ ይገባል።

ለምን አይታወቅም?

ምክንያቱ የፈሳሽ ጥጋብ ደካማ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 15 ሰዎች ለ4 ሳምንት በቀን 450 ካሎሪ በከረሜላ፣ ለሌላ 4 ሳምንት ደግሞ ያንኑ ያህል በለስላሳ ወሰዱ። ከረሜላውን ሲበሉ ሳያስቡት ከሌላው ምግብ ቀነሱ። ለስላሳውን ሲጠጡ ግን ምሳውም እራቱም እንደወትሮው ነበር፤ የለስላሳው ካሎሪ ከላይ ተደረበ። ከምሳ ጋር የተጠጣ ለስላሳ ከእንጀራው አንድ ጉርሻ እንኳ አያስቀንስም ማለት ነው።

አንድ ሳምንት ሲመረመር

በሥራ ቀን ቢሮ የሚውል፣ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር የሚወጣ ሰው እንያዝ። ምግቡን በመቀነስ በቀን 450 ካሎሪ ጉድለት ፈጥሯል፤ በሳምንት 3150 ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ስለሚይዝ በሳምንት 400 ግራም ያህል መቀነስ ነበረበት። አልቀነሰም። የሚጠጣው ይህ ነው፦

ሻይ፣ በቀን 3 በ3 ማንኪያ፦ በሳምንት 1008 ካሎሪ።
ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ፣ በሥራ ቀን ከምሳ ጋር አንድ፦ 635።
የአቮካዶ ጁስ፣ በሳምንት ሁለት፦ 770።
ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ ቅዳሜ አራት፦ 560።

ሲደመር 2973 ነው። ከ3150ው ጉድለት የተረፈው 177 ካሎሪ ብቻ ነው፤ በስብ ሲተመን 23 ግራም። ይህን የቤት ሚዛን አያሳይም። ሰውየው በምግቡ በኩል አልዋሸም፤ ያተረፈውን በብርጭቆ መልሶ አስገብቶታል።

ከአራቱ የሚያስገርመው ጁሱ ነው። አንድ ብርጭቆ ወፍራም የአቮካዶ ጁስ 180 ግራም ያህል የአቮካዶ ሥጋ ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ብቻ ወደ 290 ካሎሪ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት 385 ይደርሳል፤ ከላይ የሚፈሰው ቀዩ ሲሮፕ ገና አልተቆጠረም። በጾም ወቅት «ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ለምን አልቀነስኩም?» የሚል ሰው ከሌላው አስቀድሞ ጁሱንና ሻዩን ይመልከት። አቮካዶው መጥፎ ምግብ ሆኖ አይደለም፤ ግማሹን በሎሚና በቃሪያ በዳቦ ቢበሉት ምግብ ነው፣ ያጠግባል። ጁስ ሲሆን ግን ከምሳ በኋላ ይደረባል።

የብርቱካን ጁስም እንዲሁ ነው። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት 3 ያህል ብርቱካን ይጨመቃል፤ ቃጫው ይቀራል፣ ስኳሩ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የጁስንና የማርን ስኳር ከነጩ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የቆጠረው፤ ሁሉም ተደምሮ ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራም ነው። የላይኛው ሰው ሦስት ሻይና አንድ ኮካ ብቻ 68 ግራም ይሆናሉ።

መፍትሄው፣ ከቀላሉ ጀምሮ

ለስላሳው በአንድ ቀን ሊቀየር ይችላል። አምቦ ውሃ ካሎሪ የለውም፤ ሎሚ ቢጨመቅበት እንኳ ለቁጥር አይበቃም። ጣፋጩን ማጣት ለከበደው ስኳር አልባው ለስላሳ ለዚህ ዓላማ ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ፦ ካሎሪው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በ100 ሚሊ ሊትር ነው። የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሆነ በ5 ያባዙት።

ሻዩን በአንድ ጊዜ መራራ ማድረግ አብዛኛውን ሰው በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ከ3 ወደ 1 ለመድረስ 4 ሳምንት ይበቃል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል በርከት አድርጎ ማፍላት፣ ወይም ጦስኝ፣ የስኳሩን ጉድለት በመዓዛ ይሸፍናል። ሻዩን አቅጥኖ መቅዳትም ይረዳል፤ ምሬቱ ሲቀንስ ስኳር መፈለጉም ይቀንሳል።

ጁስ ቤት ሲገቡ «ያለ ስኳር፣ ያለ ሲሮፕ፣ ግማሽ ብርጭቆ» ብለው ይዘዙ፤ ሦስቱንም አስቀድመው ይናገሩ፣ መፍጫው ከተነሳ በኋላ ዋጋ የለውም። ስፕሪስ ሲሆን እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ሊጣፈጥ ስለሚችል ሁሉም ያለ ስኳር እንዲሆን ይንገሩ።

ሰውየው ሻዩን ወደ 1 ማንኪያ፣ ኮካውን ወደ አምቦ፣ ጁሱን በሳምንት ወደ አንድ ግማሽ ብርጭቆ ያለ ስኳር፣ ቢራውን ወደ ሁለት ቢያወርድ በሳምንት ወደ 2200 ካሎሪ ያድናል። ጉድለቱ ወደ 2370 ይመለሳል፤ 300 ግራም ስብ ማለት ነው። ከምግቡ ምንም አልተነካም።

አልኮል፦ ሁለት ጊዜ የሚያስከፍል

አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ አለው፤ ለስብ የቀረበ ነው፣ ስብ 9 ነው። ለማስላት የመጠጡን ሚሊ ሊትር በመቶኛው አባዝተው ለ100 ያካፍሉ፤ ከዚያ በ0.8 ሲያባዙት ግራሙ ይመጣል። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም አልኮል፣ ማለትም 91 ካሎሪ ይይዛል። የብቅሉ ቀሪ ስኳርና ስታርች ሲጨመር 140 ያህል ነው። ድራፍት ሲሆን የብርጭቆውን መጠን ይጠይቁ፤ የግማሽ ሊትሩ ወደ 210 ይጠጋል።

ሁለተኛው ክፍያ በጉበት በኩል ነው። ሰውነት አልኮልን የሚያከማችበት ቦታ ስለሌለው ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ያቃጥላል፤ ስቡ ወረፋ ይጠብቃል። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ብቻ ስለሚያጣራ 4 ቢራ 6 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። በዚያ መሃል የተበላው ጥብስ ስብ ቶሎ ስለማይቃጠል ወደ ማከማቻ ይሄዳል። መጠጡ ደግሞ ራሱ ጥብሱን ያስጠራል። ስለዚህ መፍትሄው ሁለት ነው፦ ከመውጣትዎ በፊት ቤት በደንብ መመገብ፣ በየመጠጡ መካከል አንድ አምቦ።

ጂን ወይም ሌላ ጠንካራ መጠጥ በለስላሳ የሚደባለቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከባዱ ለስላሳው ነው። 40 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ መጠጥ 90 ካሎሪ ያህል ሲሆን የኮካው ጠርሙስ 127 ነው። ወይን በኮካም ያው ነው። ጠጅ ላይ ትክክለኛ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ ከቤት ቤት ይለያያል። «ይሄኛው አይጣፍጥም፣ ስኳሩ አልቋል» የሚለው ግን ስህተት ነው። ስኳሩ አልኮል ሆኗል፤ ካሎሪው አብዛኛው እዚያው አለ።

ሌላ ምልክት፦ ሰኞ ጠዋት 1 ኪሎ ተኩል ጨምሯል

ይህ በአብዛኛው ውሃ ነው፤ የጨውና የምግብ። በ2 ወይም 3 ቀን ይወርዳል። ሰኞን ትተው የሐሙስን ከሐሙስ ያነጻጽሩ። ሐሙሶቹ ራሳቸው እየጨመሩ ከሄዱ ጉዳዩ ቅዳሜ ነው።

ማን በራሱ አይጀምር?

ኢንሱሊን ወይም የስኳር መጠን የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ጣፋጭ መጠጡን ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ለዚያ ድንገተኛ ሁኔታ የሚቀመጠው ለስላሳ መድኃኒት ነው፣ አይነካ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣና ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ሰውም በአንድ ጊዜ አያቁም፤ አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሕክምና ይሂድ።

ጠርሙሱ ውስጥ በሳምንቱ መጨረሻ 200 ግራም ቀርቶ ከሆነና ውጭም ብዙ የማይጠጡ ከሆነ ችግሩ ብርጭቆው አይደለም። የሚቀጥለው ፍተሻ የወጡ ዘይት ነው፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ ድስቱ ውስጥ ስንት እንደገባ ከሚያበስለው ሰው ጋር ሆነው በማንኪያ ይለኩ።