ዋጋ ስንጨምር ደንበኛ የሚቀየመው ምን ላይ ነው?

ደሴ ቤቴ ሆኜ ቶርታ እየጋገርኩ በቴሌግራም ቻናል እሸጣለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨምሬያለሁ። በመጀመሪያው ብዙ ሰው አስቀየምኩ። በሁለተኛው ደንበኞቼ አብረውኝ ቆዩ። ከሁለቱ የተማርኩትን ከምልክቱ ጀምሬ ላውጋችሁ።

ምልክት፦ “ትናንት 780 አልነበር እንዴ?”

ይህ ጥያቄ ሲደጋገም፣ ሰው ጭማሪውን የሚሰማው ለማዘዝ ወይም ለመውሰድ ሲመጣ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ማታ ለጥፌ ጠዋት በአዲሱ ዋጋ መሸጥ ጀመርኩ። አንዲት እናት ለልጃቸው ልደት 780 ብር ቆጥረው ይዘው መጡ። 900 መሆኑን ስነግራቸው ሰው ፊት ቦርሳቸውን ፈተሹ። “ልጄ፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?” አሉኝ። ከፍለው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አላየኋቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መፍትሄው በማስታወቂያውና በመጀመሪያው ቀን መካከል ሁለት ሳምንት መተው ነው። ሁለተኛው ጊዜ የለጠፍኩት ይኸው፦

“ከሰኔ 15 ጀምሮ 900 ብር የነበረው የ1 ኪሎ ቶርታ 1,020 ብር ይሆናል። እንቁላልና ክሬም ስለጨመረብን ነው። እስከ ሰኔ 14 ማታ ቀብድ ለከፈለ ሁሉ ዋጋው 900 ነው። ኬኩን እስከ ሰኔ 30 መውሰድ ይችላል። የግማሽ ኪሎው ዋጋ አልተነካም።”

የድሮውም የአዲሱም ዋጋ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ኑሮ ውድነት ረጅም ሐተታ አልጻፍኩም፤ የሚያነበው ሰውም ያው ገበያ ነው የሚሄደው። 1,020 የሚለው ቁጥር ራሱ ረድቶኛል። በአንድ ኬክ ላይ ወጪዬ የጨመረው ወደ 120 ብር ነበር፣ የጨመርኩትም ያንኑ ነው። 1,100 ብዬ ብሞላው ኖሮ “የቀረው ለምንድን ነው?” ለሚለኝ ሰው መልስ አይኖረኝም ነበር።

“እስከ ሰኔ 30” የምትለዋን እንዳትረሱ። ገደብ ካላበጃችሁ የመስከረም ሠርግ ሳይቀር በድሮው ዋጋ ይታዘዛል። እኔ በዚያ ሁለት ሳምንት 30 ኬክ በ900 ተቀበልኩ። ከአዲሱ ዋጋ ጋር ሲተያይ 3,600 ብር ቀረብኝ። ይህን አስቀድሜ አስልቼ ስለተቀበልኩት አልከበደኝም። የናንተ አቅም ያን ያህል ካልቻለ ጊዜውን ወደ አንድ ሳምንት አሳጥሩት።

ምልክት፦ “ለእሷ በድሮው ሸጠሽላት የለ?”

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው። ደሴ ውስጥ ሰው ይተዋወቃል፤ ቡና ላይ ዋጋ ይነጻጸራል። ምክንያቱ እኛው ነን። ጎረቤት “እንደው ለእኔ” ሲል ይሉኝታ ይይዘንና በድሮው እንሰጣለን። የሰማው ሌላው ሰው ጭማሪው ለእሱ ብቻ የመጣ ይመስለዋል።

መፍትሄው ከዋጋው ላይ ለማንም አለመቀነስ ነው። ለቅርብ ሰው ማድላት ካማራችሁ ስጦታ ስጡ፤ ሻማ ወይም ስም ማጻፊያው በእኔ ይሁን በሉ። እትዬ ብዬ የማከብራቸው ጎረቤቴ ሲለምኑኝ “እትዬ፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ ሻማውን ግን እኔ እችላለሁ” አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ምልክት፦ ሰው የድሮ ፖስት ይዞ ይመጣል

ቻናሉ ላይ የድሮው ዋጋ ሳይነሳ ቀርቷል ማለት ነው። ጭማሪው በጀመረበት ቀን የድሮ ፖስቶችን ከፍታችሁ አስተካክሉ፤ አዲሱን ማስታወቂያም ከላይ ፒን አድርጉት። ወደ ሌላ ሰው ፎርዋርድ የተደረገው ግን አብሮ አይስተካከልም። ፎቶው ላይ ዋጋ አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ጭማሪውን ሳያውቅ የመጣ ሰው ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ በድሮው አስተናግዱት። ይህንንም ለሁሉም እንደሚሠራ ቻናሉ ላይ ጻፉት።

ምልክት፦ ዝምታ

ቅሬታም የለም፣ ትዕዛዝም የለም። መጀመሪያ ከፖስቱ ሥር ያለውን የተመልካች ቁጥር እዩ። ሌላ ጊዜ በሁለት ቀን 600 የሚታይ ከሆነና ይህ 250 ላይ ከቆመ፣ ሰው ገና አላየውም። በሌላ ሰዓት ድገሙት። እንደወትሮው ታይቶ ትዕዛዝ ከጠፋ ግን ቀኑን አስታውሱ። እኔ የመጀመሪያውን ጭማሪ የለጠፍኩት ለዒድ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ሰው በዓሉን ጠብቄ የጨመርኩ መሰለው፤ ቢመስለውም አልፈርድበትም። አሁን ዒድ፣ መውሊድ፣ ገና ወይም ፋሲካ በአንድ ወር ውስጥ ካለ፣ ጭማሪውን በዓሉ ካለፈ በኋላ እለጥፋለሁ። የበዓሉን ትዕዛዝ በድሮው ዋጋ እጨርሳለሁ።