ለተማሪ ካውንስል ስትወዳደሩ በሁለት ደቂቃ ንግግር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሰኞ ጠዋት ነው። ባንዲራ ተሰቅሏል፣ መዝሙሩ አልቋል፣ ተማሪው ግን ገና ሰልፉን እያስተካከለ ነው። አንዱ ቦርሳውን መሬት ያስቀምጣል፣ አንዷ ጓደኛዋን ትጠራለች፣ ያረፈዱት በር ላይ ጥበቃውን ይለምናሉ። በዚህ መሃል አንድ ተወዳዳሪ ማይክ ይቀበልና ራሱን ያስተዋውቃል። ያለው ሁለት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፣ ሚኒ ሚዲያውንም አግዛለሁ፤ ስለዚህ እነዚህን ንግግሮች በየዓመቱ የምሰማቸው ማይኩ አጠገብ ቆሜ ነው። ቢመረጡ በደንብ ሊሠሩ የሚችሉ ልጆች በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ሲጠፉ ማየት ያናድደኛል። ደግሞ የሚጠፉት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ነገር ነው።

ሰላምታው ንግግሩን ሲበላው

«የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣ የተከበራችሁ ምክትል ርዕሳነ መምህራን፣ ዩኒት ሊደሮች፣ መምህራን፣ የአስተዳደር ሠራተኞች፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ...» ይሄ በሰዓት ሲለካ ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የጠቅላላው ጊዜ ሩብ ሄደ ማለት ነው። ታላቅ ማክበር ደግ ነው፣ ግን «መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ» ማለት አክብሮት አያጎድልም።

ሌላም ችግር አለ። ብዙዎች ስማቸውን የሚናገሩት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም መጀመሪያ ላይ፣ ሰልፉ ገና ሳይረጋጋ። ከኋላ ያሉት አይሰሙትም። ማይኩን ስትይዙ ዝም ብላችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቁሙ፣ ሰዉ ቀና ሲል ጀምሩ። ስማችሁንና ክፍላችሁን መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፣ መጨረሻ ላይ ድገሙት። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስማችሁ ነውና።

ካውንስሉ የማይችለውን ቃል መግባት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ዩኒፎርም አስቀይራለሁ፣ ስልክ ይዞ መግባት አስፈቅዳለሁ፣ ኮምፒውተር አስገዛለሁ፣ ዋይፋይ አስገባለሁ። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ተማሪው ያጨበጭባል፣ ግን ያጨበጨበ ሁሉ አምኗል ማለት አይደለም፤ በተለይ 11ኛና 12ኛ ክፍሎች ይህንኑ ነገር አምና ከሌላ ልጅ አፍ ሰምተውታል። የተማሪ ካውንስል የሚያዝበት ገንዘብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ትእዛዝም አይሰጥም። ያለው አቅም ሌላ ነው፦ የተማሪውን ጥያቄ ሰብስቦ ለዩኒት ሊደር ወይም ለርዕሰ መምህሩ ማቅረብ፣ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር በአንድ የሚቀመጡበት ወተመህ ላይ ማንሳት፣ ከዚያ መልሱን ይዞ መመለስ። ይሄ ትንሽ ይመስላል። ግን «ጥያቄያችን የት ደረሰ?» ለሚል ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ የጻፈችውን ይዛልኝ መጣች። «የውሃ ችግርን እፈታለሁ» ይላል። እንዴት ነው የምትፈቺው አልኳት። ዝም አለች። ስንት ቧንቧ አለ? አታውቅም። በይ ሂጂና ቁጠሪ አልኳት፣ በእረፍት ሰዓት ዞራ ቆጠረች። ስምንት ቧንቧ አለ፣ የሚሠራው ሦስት ነው። እረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሁሉም ክፍል አንድ ላይ ይወጣል፣ ወረፋው ላይ 12ኛዎቹ 9ኛዎቹን ገፍተው ያልፋሉ። ብዙ ልጅ ሳይጠጣ ይደወላል።

ከዚያ አንድ ላይ ሆነን አየነው። አምስቱን ቧንቧ ማስጠገን ገንዘብ ይጠይቃል፣ ውሳኔውም የአስተዳደሩ ነው። እረፍቱን በሁለት ዙር ማድረግ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰው ማሳመን ነው የሚፈልገው። ወረፋውን ማስከበር ደግሞ የካውንስሉ አባላት ራሳቸው ተራ ገብተው ሊሠሩት ይችላሉ። ንግግሯ እንዲህ ሆነ፦

«ስምንት ቧንቧ አለን። ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አምስቱ አይሠሩም። ከመረጣችሁኝ በመጀመሪያው ሳምንት የጥገና ጥያቄ በጽሑፍ አስገባለሁ። እረፍቱ በሁለት ዙር እንዲሆንም እጠይቃለሁ። እሺም ይበሉ እምቢ፣ የተሰጠኝን መልስ አርብ በሚኒ ሚዲያ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ወረፋው ላይ እኛ እንቆማለን፣ 9ኛን ማንም አይገፋም።»

ልብ በሉ፣ ቧንቧው ይጠገናል አላለችም። እጠይቃለሁ፣ መልሱን አመጣለሁ ነው ያለችው። በጀት የለም ቢባል እንኳ ቃሏን አላጠፈችም። እናንተም ለእያንዳንዱ ቃላችሁ ማን እንደሚወስነው፣ ገንዘብ ይጠይቅ እንደሆነና መቼ እንደሚታይ ጠይቁ። አንዱን መመለስ ካቃታችሁ ያንን መስመር ሰርዙት። ሁለት ደቂቃ ላይ አንድ ጉዳይ ይበቃል፣ ቢበዛ ሁለት።

ደረጃ መዘርዘር

«ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ነው የምወጣው።» ጥሩ ነው፣ ግን ተማሪው የሚፈልገው በእሱ ፋንታ ቢሮ ገብቶ የሚናገር ሰው ነው። ያንን የሚያሳይ ነገር ካላችሁ እሱን ተናገሩ። የክፍል አለቃ ሆናችሁ የተጋጨ የፈተና ፕሮግራም አስቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ይሄ ከሪፖርት ካርድ ይበልጣል።

ለራስ ክፍል ብቻ ማውራት

የክፍል ጓደኞቻችሁ ፊት ለፊት ቆመው ይስቁላችኋል፣ እናንተም ሳታውቁት በእነሱ ቋንቋ፣ በእነሱ ቀልድ ታወራላችሁ። እነሱ ግን ለወትሮውም ይመርጧችኋል። ያልያዛችሁት 9ኛን ነው። ብዙዎቹ ከሌላ ትምህርት ቤት ገና መምጣታቸው ነው፣ ማንንም አያውቁም፣ የሰፈርም የክፍልም ወገን የላቸውም፤ በሰሙት ንግግር ሊወስኑ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ልጅቷ ወረፋውን ያነሳችው ለዚህ ነው። ያለፈውን ካውንስል «ምንም አልሠራም» ማለትም እዚሁ ላይ ይጎዳል። 9ኛዎቹ ያለፈውን አያውቁትም፣ የድሮዎቹ ጓደኞች ደግሞ ሰልፉ ላይ ናቸው።

በቃል ሸምድዶ መምጣት

የሸመደደ ልጅ አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። ከወረቀት የሚያነብ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ለወረቀቱ ያወራል። መዳፍ በምታህል ካርድ ላይ አራት አምስት ቃል ብቻ ጻፉ፦ ስም፣ ቧንቧ፣ እረፍት፣ አርብ፣ ስም። መካከሉን በራሳችሁ አፍ ሙሉት። ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ በስልክ ሰዓት ለኩት፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ ካለፈ ቀንሱ፤ ጭብጨባና ሳቅ የቀረውን ይወስደዋል።

ማይኩን ደግሞ ቀድማችሁ ያዙት። ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ። ጭንቅላቱን በእጅ መሸፈንና ስፒከሩ ፊት መቆም ያንን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያመጣል። መብራት ከጠፋና ሜጋፎን ከመጣ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ትንሽ ቆዩና ጀምሩ፣ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ተቆርጦ ይቀራል። የተቆረጠው ቃል ስማችሁ ሊሆን ይችላል።

ተማሪዬ ስሟን ደግማ ማይኩን አስረከበችና ወረደች። ወደ ክፍል ስትሄድ ሁለት የ9ኛ ልጆች ተከተሏት። ከላይብረሪው ጀርባ ያለውንም ቆጥረሽዋል ወይ አሏት፣ እሱም አይሠራም። አልቆጠረችውም ነበር። ካርዷን ገለበጠችና ጻፈችው።