ርቀቱ አልገናኝ ሲል፦ የክልል ካርታ ቁልፍ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ካርታ ማንበብ አስተምራለሁ። «መምህር፣ ካርታው ተሳስቷል» ብሎ የሚመጣ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ካርታው ምንም አልሆነም። ያበላሸው ፎቶኮፒው ነው። ሰሜን ወዴት እንደሆነና የካርታ ቁልፍ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ ልግባ።

የሁለት ርዕሰ ከተሞች ርቀት የማይሆን ቁጥር ሰጠ

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በትልቁ ኤ3 ወረቀት የታተመ የክልሎች ካርታ ነበረኝ። ከታች 1:2,000,000 ይላል። ካርታው ላይ 1 ሳንቲሜትር መሬት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። በሁለት የክልል ርዕሰ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በማስመሪያ 7.5 ሳንቲሜትር ወጣ። በ20 ሲባዛ 150 ኪሎ ሜትር። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

ለተማሪዎቹ ግን በኤ4 አሳንሼ አባዛሁላቸው። ማሽኑ 71 ፐርሰንት ብሎ አሳነሰው። 7.5 ሳንቲሜትር የነበረው ወደ 5.3 ወረደ። ከታች ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም 1:2,000,000 ይላል! ቁጥር አብሮ አይቀየርማ። ተማሪዎቹ 5.3ን በ20 አባዙና 106 ኪሎ ሜትር አሉ። 44 ኪሎ ሜትር የት ገባ?

ምክንያቱ ይሄው ነው። በቁጥር የተጻፈ ስኬል የሚሠራው ካርታው መጀመሪያ በታተመበት መጠን ብቻ ነው። ሲያሳንሱት፣ ሲያሳድጉት፣ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ሲጥሉት፣ ስልክ ላይ በጣት ሲለጥጡት ቁጥሩ ውሸታም ይሆናል። አታሚው «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» በሚለው ምርጫ ላይ ሆኖ ትንሽ ቢቀንሰው እንኳ ያው ነው።

መፍትሄው መስመራዊው ስኬል ነው። ኪሎ ሜትር የተጻፈበት የተከፋፈለችው መስመር ማለቴ ነው። እሷ ከካርታው ጋር አብራ ታንሳለች፣ አብራ ታድጋለች። ማስመሪያውን አስቀምጡት። የወረቀት ቁራጭ ያዙ፣ ጠርዙን በሁለቱ ከተሞች ላይ አሳርፉ፣ በእርሳስ ሁለት ጭረት አድርጉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስመሯ ውሰዱት። ጭረቱ የሚያርፈው በክቡ መሃል ላይ ነው እንጂ በከተማው ስም ላይ አይደለም። ስሙ ቦታ በተገኘበት የሚጻፍ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ወጥመድ። በዚያ ካርታ ላይ መስመሯ ከግራ ጫፍ በ0 አትጀምርም። 0 ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው። ከ0 ወደ ቀኝ 50 እና 100 ይላል። ከ0 ወደ ግራ ደግሞ ሌላ 50 ኪሎ ሜትር አለ፤ እሱ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ተቆራርጧል። ያ የግራ ክፍል የተሠራው ትርፍራፊውን ለማንበብ ነው። መጀመሪያ የቀኙን ጭረት በሙሉ ቁጥር ላይ አሳርፉ። የተረፈውን ከ0 በስተግራ አንብቡና ደምሩ። የእኛው ርቀት 100 ላይ ሲያርፍ በግራ በኩል ድፍን 50 ይተርፋል። 150 ሆነ።

አንድ ጎበዝ ልጅ ግን ወረቀቱን ከግራው ጫፍ ጀምሮ አስቀመጠው። ሌላኛው ጭረት 100 ላይ አረፈ። «100 ነው» አለ። አጠገቡ ያለችው በቁጥሩ አስልታ 106 አግኝታለች። ሁለቱ ተያይተው፣ «ተቀራራቢ ነው፣ እንግዲያው ትክክል ነን» ብለው አረፉ። ሁለት የተለያዩ ስህተቶች እርስ በርስ ተመሰካከሩ! ከዚያ ወዲህ ማረጋገጫ ስጠይቅ መልሱን ብቻ አላይም፤ ወረቀቱን እንዴት እንዳስቀመጡት አያለሁ።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ኤ4 የኤ3 ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ስኬሉን በ2 አባዙት» ብሎ ነገራቸው። 5.3 በ40 ሲባዛ 212 ኪሎ ሜትር። ግማሽ የሆነው እኮ የወረቀቱ የቆዳ ስፋት ነው። ርዝመቱ የቀነሰው ወደ 71 ፐርሰንት ብቻ ነው። የግድ ቁጥር ካስፈለጋችሁ 2,000,000ን ለ0.71 አካፍሉ። 1:2,800,000 ገደማ ይመጣል፤ 1 ሳንቲሜትር 28 ኪሎ ሜትር ነው። 5.3ን በ28 ስታባዙ 148 ታገኛላችሁ። የቀረችው ልዩነት የማጠጋጋት ነች።

እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው። ከማባዛቴ በፊት የቁጥሩን ስኬል በነጭ ማጥፊያ እደፍነዋለሁ። እባካችሁ ካርታው ጎላ እንዲል ብላችሁ የታችኛውን ጠርዝ ቆርጣችሁ አትጣሉ! መስመሯ እዚያ ነው ያለችው።

ሰሜን-ደቡብ ሲለካ ብቻ ይሳሳታል

ካርታው ኮምፒውተር ላይ ከጎኑ ተይዞ ተጎትቷል። የስኬሏ መስመር አግድም ስለሆነች ከምሥራቅ ምዕራብ ያለውን ርቀት በደንብ ትለካለች፤ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን ግን ታዛባለች። ለመለየት የርዕሰ ከተማዎቹን ክቦች ተመልከቱ። እንቁላል መስለው ከተገኙ ካርታው ተለጥጧል። ዋናውን አምጡና በማዕዘኑ ይዛችሁ አሳድጉት።

ወሰኑ ጠፋ፣ ወይም መንገድ መሰለ

ይህም የማሳነስ ጣጣ ነው። ጭረትና ነጥብ የነበረው የአገር ድንበርና አጠር ባለ ጭረት የተሠራው የክልል ወሰን ሲያንሱ ይዋሃዳሉ፤ ነጥቦቹም ይጠፋሉ። ከማደላችሁ በፊት አንዱን ወሰን በባለ ቀለም እስክሪብቶ አድምቁት። ወሰኑ ወንዝ ላይ ደርሶ ከጠፋ ግን አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ወንዙ ራሱ ወሰን ሆኖ ነው።

ሁለት ርዕሰ ከተማ ምልክት አየሁ

ቁልፉን እዩ፤ የአገሪቱና የክልሉ ምልክት ይለያያል። አልፎ አልፎ ግን አገሪቱ ራሷ ሁለት ሊኖራት ይችላል። በቦሊቪያ በሕገ መንግሥቱ ርዕሰ ከተማዋ ሱክሬ ስትሆን መንግሥቱ የሚቀመጠው ላፓዝ ነው።

«አረንጓዴው ደን ነው» ተባለ

አይደለም! በከፍታ ካርታ ላይ አረንጓዴ ማለት ዝቅተኛ ቦታ ነው፤ ቡናማው ከፍ ያለ። ግብፅ ያለው የቃታራ ረባዳ ከባሕር ወለል በታች እስከ 133 ሜትር ይወርዳል። እንዲህ ባለው ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ይቀባል። ቦታው ግን በረሃ ነው። ቀለሞቹ ከካርታ ካርታ ስለሚለያዩ ቁልፉን ሳታዩ አትፍረዱ።

ደረጃዎቹም እኩል አይደሉም። አንዱ ቀለም ከ0 እስከ 200 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ከ1,000 እስከ 2,000። ቀለም የተቀየረበት መስመርም ገደል አይደለም። 1,990 ሜትር ላይ ያለ መንደርና 2,010 ላይ ያለ መንደር በተለያየ ቀለም ይወድቃሉ፤ ልዩነታቸው 20 ሜትር ብቻ ነው።

በጥቁርና ነጭ ከተባዛ ደግሞ አረንጓዴውም ቡናማውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ይወጣል። አንድ ዓመት ክፍሉ በሙሉ ተራራውን ሜዳ አድርጎት አገኘሁ። ቀለም ማተሚያ ከሌለ ከማባዛታችሁ በፊት በየቀለሙ ውስጥ የከፍታውን ቁጥር በእርሳስ ጻፉበት። በጉልህ ይሁን፤ ቀጭን እርሳስ ማሽኑ ላይ አይወጣም።