የእንግዶች መጠይቅ ሳያዳላ እንዲጠይቅ፣ ሲተረጎምም እንዳይዛባ

አንድ ጊዜ የአንድ ሆቴል የእንግዶች መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተረጎምኩ። መልሱ ሲሰበሰብ በአማርኛ የሞሉት እንግዶች በእንግሊዝኛ ከሞሉት ይልቅ ቅር የተሰኙ መሰሉ። ኃላፊዎቹም ሠራተኞቹ እንግዳ ያበላልጣሉ ብለው መውቀስ ጀመሩ። ጥፋቱ ግን የእኔ፣ ያውም የአንድ ቃል ጥፋት ነበር። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ጥያቄው ራሱ ይስተካከል።

1. ጥያቄውን በመጀመሪያው ቋንቋ አጥሩት። ጠማማ ጥያቄ በትርጉም አይቃናም። «ምቹ ክፍላችንን ምን ያህል ወደዱት?» የሚል ጥያቄ መልሱን ራሱ ሰጥቷል፤ እንግዳው ክፍሉ አልተመቸኝም ለማለት ከጠያቂው ጋር መከራከር ሊኖርበት ነው። «ሠራተኞቻችን ፈጣንና ትሁት ነበሩ?» የሚለው ደግሞ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ፈጥኖ ያመናጨቀ ሠራተኛ የገጠመው ሰው ምን ይመልስ? ለሁለት ይከፈል። እኔ የምመርጠው ሁለቱንም ጫፍ የሚጠራውን አጠያየቅ ነው፦ «በክፍሉ ንጽህና ረክተዋል ወይስ ቅር ብሎዎታል?»

አሉታዊ ጥያቄ ፈጽሞ አይግባ። «ክፍሉ ንጹህ አልነበረም?» ለሚል ጥያቄ በአማርኛ «አዎ» ያለ ሰው «አዎ፣ አልነበረም» ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አሉታዊው መልስ የሚጀምረው በ«አይደለም» ነው። ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ ሲደመሩ ወቀሳና ምስጋና ይቀላቀላሉ።

2. የመልስ ምርጫዎቹን ከጥያቄው በላይ ተጠንቀቁላቸው። የእኔ ስህተት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው መጠይቅ አምስት ደረጃዎች ነበሩት፦ ኤክሰለንት፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር። «ፌር»ን «ደህና» ብዬ ተረጎምኩት። በዚያ መሰላል ላይ «ፌር» ከታች ሁለተኛ ነው፤ ነቀፋ ያዘለ ደረጃ ነው። «ደህና» ያለ አማርኛ ተናጋሪ ግን ብዙውን ጊዜ «የጎደለ የለም» ማለቱ ነው። ስለዚህ ምንም ቅሬታ የሌላቸው ሰዎች ምልክታቸውን ከታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ አኖሩ።

መሰላሉ ራሱም ያዳላል፤ ሦስቱ ደረጃዎች ምስጋና ናቸው፣ ለወቀሳ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ቃል ፍለጋ ከመድከም መሰላሉን በሁለቱም ቋንቋ መቀየር ይሻላል፦ በጣም ረክቻለሁ፤ በመጠኑ ረክቻለሁ፤ አልረካሁምም፣ ቅርም አላለኝም፤ በመጠኑ ቅር ብሎኛል፤ በጣም ቅር ብሎኛል። ከታች ያሉትን ሁለቱን «አልረካሁም» በማለት ብቻ አትተርጉሙ። «አልረካሁም» ያለ ሰው የተከፋም፣ ምንም ያልተሰማውም ሊሆን ስለሚችል ከመካከለኛው ደረጃ ጋር ይምታታል። «ቅር ብሎኛል» ግን የትኛው ወገን እንደቆመ በግልጽ ይናገራል።

ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ብቻ መጠየቅንም አልወደውም። 1ን እንደ 1ኛ ደረጃ ቆጥሮ ለምስጋና የሚመርጠው ሰው አይጠፋም። ቁጥር የግድ ካስፈለገ በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ቃሉ ይጻፍ።

3. ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙ፤ ከዚያ ተቀምጠው ይከራከሩ። ትርጉሙን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም የተለመደ ማጣሪያ ነው፤ እኔም አድርጌው ነበር። «ደህና» ተመልሶ «ፌር» ሆነና ሁሉም ያለ እንከን አለፈ። መላሹ ተርጓሚ ጎበዝ ስለነበር መነሻውን ቃል ከመሰላሉ ገምቶታል። ይህ ዘዴ የተዘለለ ወይም የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ይይዛል፤ የቃልን ክብደት ግን ሁልጊዜ አይመዝንም። ክብደቱ የሚታየው ሁለት ትርጉሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ለምሳሌ አንዱ «አገልግሎት» ሌላው «መስተንግዶ» ካሉ፣ ጥያቄው ስለ ሆቴሉ ሥራ ሁሉ ነው ወይስ ስለ ምግብና መጠጥ አቀራረብ? ይህን የሚመልሰው መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው እንጂ ተርጓሚው አይደለም።

አጠራሩ «እርስዎ» ይሁን፤ ወንድና ሴት ለይቶ መጻፍን ያስቀራል።

4. ለጥቂት ሰዎች ሰጥታችሁ ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲሞሉት አድርጉ። ለማያውቁት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ከተሰጠ ትልልቁ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ይወጣል። «ገብቶዎታል?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ ሁሉም አዎ ይላል። «ይህን ጥያቄ በራስዎ አነጋገር ቢነግሩኝ?» እና «ይህን ሲመርጡ ምን አስበው ነው?» በሉ። እኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት «ደህና» ላይ ምልክት አድርገው ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ምን ልበል፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር» አሉኝ።

5. የተለወጠውን ቃል ከነቀኑ መዝግቡ። ከለውጡ በፊትና በኋላ የተሰበሰቡትን መልሶች ለየብቻ አስቀምጡ። እኛ ቀላቅለን አማካይ አወጣንና የቃሉ ለውጥ እንደ አገልግሎት መሻሻል ተቆጠረ፤ ያለጥፋታቸው የተወቀሱት ሠራተኞች ያለሥራቸው ተመሰገኑ።