«ቢላክ ጥሩ ነው» ብዬ ለሰባት ሰው የጻፍኩት ኢሜል

ድሬ፣ ከዚራ አካባቢ ካለ አንድ የአስመጪ ቢሮ ነው የምሠራው። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ሲመጣልን ትራንዚተሩ ፓኪንግ ሊስቱ እንዳልደረሰው ነገረኝ። እኔም ለሰባት ሰው «ፓኪንግ ሊስቱ ቶሎ ቢላክ ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን አለፈ። ሰነድ ክፍል ሒሳብ ልኮታል ብሎ፣ ሒሳብ ደግሞ መጋዘን ልኮታል ብሎ ተቀምጧል፤ ኮንቴይነሩ ግን ቆሞ ክፍያ ይቆጥርብናል።

ስህተት አንድ፦ ሁሉንም To ላይ መደርደር። ሰባት ሰው To ላይ ካለ እያንዳንዱ ስድስት ሌላ ሰው አለ ብሎ ያልፈዋል። «ቢላክ» ደግሞ ባለቤት የሌለው ግስ ነው፣ አቦ! ማን ይላክ? አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«የሚሠራ፦ እከሊት። ፓኪንግ ሊስቱን ማክሰኞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ለትራንዚተሩ ላኪ፣ ስትልኪ ለኔ ብቻ መልሺልኝ።
ለማወቅ ብቻ፦ ሒሳብና መጋዘን። መልስ አያስፈልግም።»

የሚሠራው To ላይ፣ የሚያውቀው Cc ላይ። «ሰነድ ክፍል» ብሎ መጻፍም አያዋጣም፣ ክፍል ኢሜል አይከፍትም፤ የሰው ስም ጻፉ። ሰዓቱም ያሳስታል። ጅቡቲ ያለው ሰው እኛን በሰዓት አይቀድመንም፣ አቆጣጠሩ ግን ይለያል፤ «5 ሰዓት» ብትሉት ሌሊት ሊመስለው ይችላል። ኢሜሉ ላይ እሱ ካለበት 11:00 AM ብላችሁ ጻፉ።

ስህተት ሁለት፦ Cc ላይ ላለ ሰው መሀል አንቀጽ ውስጥ ሥራ መወርወር። ብዙ ሰው Cc የተደረገበትን ለማታ ያቆየዋል፣ በፊልተር ሌላ ፎልደር የሚያስገባም አለ። መንገድ ላይ ሥራ ከመጣለት ወደ To አምጡትና «ከዚህ በኋላ ያንተ ነው» በሉት።

ስህተት ሦስት፦ Reply all ብሎ «እሺ»። ያኔ የኔ ኢሜል ላይ አምስት «ተቀብያለሁ» ተደርድሮ ትራንዚተሩ የጠየቀው ጥያቄ ከሥሩ ተቀበረ። መልሳችሁ የሌላውን ሰው ሥራ የሚቀይር ከሆነ ለሁሉም ላኩ፣ አለበለዚያ Reply ይበቃል። ጂሜል ላይ Settings ገብታችሁ Default reply behavior የሚለውን እዩት፣ Reply all ላይ ከሆነ ቀይሩት።

ስህተት አራት፦ አለቃን በስውር Bcc ማድረግ። እሱ ረስቶ Reply all ካለ ስሙ ለሁሉም ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ ያለውን ፊት እናንተው ቻሉት። እንዲያውቅ ከፈለጋችሁ የላካችሁትን ለብቻው Forward አድርጉለት።

አንድ ነገር ግን አልዋሽም። ስምና ሰዓት ጽፌም ከምሳ በኋላ የላክሁት ድሬ ላይ እስከ ነገ ይተኛል። ለዛሬ ከሆነ እደውላለሁ።