የእንስሳት ተረት ስናነብ አሌጎሪና ትእምርትን የምናምታታባቸው ስህተቶች

ፖለቲካ የሚነካ የእንስሳት ተረት እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ይታወቃል። «ይሄ አሳማ እገሌ ነው፣ ያ ፈረስ እገሌ ነው» እያልን ስም ማደል እንጀምራለን። ጨዋታው ደስ ይላል። ችግሩ፣ ግማሹ መጽሐፍ ሳይነበብ ያልፋል።

በእንዲህ ያለ ተረት ውስጥ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ አሌጎሪ ነው። ከተረቱ ጀርባ ሌላ የታወቀ ታሪክ አለ፤ ገጸ ባሕርያቱና ድርጊቶቹ ከዚያ ታሪክ ጋር ይገጥማሉ። ሌላው ትእምርት ነው። አንድ ዕቃ ወይም ድርጊት ራሱን እንደሆነ ይቆያል፤ ግን ደጋግሞ በመጣ ቁጥር ትርጉም እየተጠራቀመበት ይሄዳል። አሌጎሪውን ለመፍታት ከመጽሐፉ ውጭ ያለውን ታሪክ ማወቅ ግድ ነው። ለትእምርቱ ግን መጽሐፉን በደንብ ማንበብ ይበቃል።

እዚህ የማየው የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» ነው። እንስሳት ባለቤታቸውን በአብዮት አባርረው እርሻውን ራሳቸው ይይዛሉ፤ ቀስ በቀስ ግን አሳማዎቹ ገዥ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1945 ታተመ፤ ጀርባው ላይ ያለው የሩሲያ አብዮትና የስታሊን አገዛዝ ነው። እሱን የመረጥኩት ደራሲው ስለ አሠራሩ በደብዳቤዎቹና በአንድ መግቢያው ላይ ጥቂት ነገር ስለተናገረ ነው። ግምታችንን የምንፈትሽበት ነገር አለን ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ እንስሳ የሰው ስም መፈለግ

ናፖሊዮን የተባለው አሳማ ስታሊን ነው፤ ስኖውቦል ትሮትስኪ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ግን ይህን በምን አወቅን? በጠባያቸው አይደለም። ሥልጣን የሚወድ ሰው በየዘመኑ ሞልቷል። ያወቅነው በድርጊቶቹ ሰንሰለት ነው። ስኖውቦል ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ነበር፤ በጦርነቱ ጀግንነት አሳየ፤ ከናፖሊዮን ጋር በእርሻው የወደፊት ዕቅድ ተጋጨ፤ በውሾች ተባረረ፤ ከዚያ በኋላ ለጠፋው ነገር ሁሉ ተጠያቂ እሱ ሆነ። ትሮትስኪም በዚሁ መንገድ አልፎ በ1929 ከሶቪየት ኅብረት ተባርሯል። አንድ መመሳሰል አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አራት አምስቱ ተከታትለው ሲመጡ ግን አሌጎሪ ነው።

አሁን ቦክሰርን እንመልከት። ጉልበተኛው ፈረስ ነው፤ ነጋ ጠባ «ከዚህ የበለጠ እሠራለሁ» የሚል። ከጀርባው የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ የለም። እሱ የሚገጥመው ከአንድ መደብ ጋር ነው፤ አምኖ እስኪወድቅ ድረስ ከሠራው ሠራተኛ ጋር። ስለዚህ አሌጎሪነቱ አልቀረም፤ የአንድ ሰው ስም ግን አያሻውም። ወደ ድመቷ ስንመጣ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። አይጦች ጓዶቻችን ናቸው ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ በሁለቱም ወገን ድምፅ ሰጥታ ተገኘች። ይህን ያነበበ ሰው «ድመቷ የትኛዋ አገር ናት?» ብሎ ይነሣል። የትም አይደለችም። ድመት ናት። ደራሲው ተጫውቷል፤ ያንን ፈገግ ብሎ ማለፍ ነው።

አንድ ነገር ወይ አሌጎሪ ወይ ትእምርት ብቻ መሆን አለበት ማለት

ብዙ ተማሪ የሚደናቀፈው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የነፋስ ወፍጮውን እንከተል።

ስኖውቦል ወፍጮው ይሠራ ይላል፤ ኤሌክትሪክ ይሰጠናል፣ ሥራ ይቀልልናል ብሎ። ናፖሊዮን ይቃወማል፤ አንድ ቀን መጥቶ ዕቅዱ የተነደፈበት ወለል ላይ ሽንቱን ሸንቶበት ይሄዳል። ስኖውቦል ከተባረረ በኋላ ግን ናፖሊዮን ዞር ብሎ «ወፍጮው ይሠራል» ይላል። ይህ ከሩሲያ ታሪክ ጋር ጥሩ አድርጎ ይገጥማል። ኢንዱስትሪውን እናፋጥን የሚለው የትሮትስኪ ወገን ነበር፤ ስታሊን ያን ወገን ካሸነፈ በኋላ ሐሳቡን ለራሱ አደረገው፤ በ1928 የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ተጀመረ። እስከዚህ ድረስ አሌጎሪ ነው። ቁልፉን ለማግኘት የታሪክ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ከዚያስ? ወፍጮው በኅዳር ማዕበል ፈረሰ። የጎረቤት ሰዎች ግድግዳው ስስ ስለነበረ ነው አሉ፤ ናፖሊዮን ስኖውቦል ነው ያፈረሰው አለ። ግድግዳው ወፍሮ እንደገና ተሠራ። ፍሬድሪክ የተባለው ጎረቤት ወርሮ በፈንጂ አወደመው። አሁንም ተሠራ። በመጨረሻ ሲያልቅ ኤሌክትሪክ አላመነጨም፤ እህል እየፈጨ ገንዘብ ያስገባ ጀመር። እንስሳቱም ሌላ ሁለተኛ ወፍጮ ይሠሩ ጀመር፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫው የሚገጠመው እሱ ሲያልቅ ነው ተባለ።

ወፍጮው በተመለሰ ቁጥር አንድ ነገር ተጨምሮበታል። መጀመሪያ ተስፋ ነበር፤ ቀጥሎ የውንጀላ ሰበብ ሆነ፤ ቀጥሎ የድካም ማብቂያ የሌለው ሥራ፤ በመጨረሻ የሌላ ሰው ትርፍ። ይህን የተጠራቀመ ትርጉም ለማየት ስለ አምስት ዓመት ዕቅድ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ትእምርቱ ይሄ ነው። ያው ወፍጮ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

መለያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ነገሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ትርጉሙ ያው ነው ወይስ ተለወጠ? ናፖሊዮን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስታሊን ነው። ወፍጮው ግን በምዕራፍ አምስትና በምዕራፍ አሥር ያው ወፍጮ አይደለም።

ደራሲው የተናገረውን ብቻ ይዞ መጽሐፉን መተው

አብዮቱ በተካሄደ ማግስት ላሞቹ ታለቡ፤ አምስት ባልዲ ወተት ሞላ። ወተቱ ምን ይሆናል ተብሎ ተጠየቀ። ናፖሊዮን ባልዲዎቹ ፊት ቆሞ ለወተቱ አታስቡ አለ። ማታ እንስሳቱ ከሥራ ሲመለሱ ወተቱ የለም። ቆይቶ ፖሙም ለአሳማዎቹ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለጤናቸው ነው ተባለ።

ኦርዌል በ1946 በጻፈው ደብዳቤ የታሪኩ መታጠፊያ ይህ እንደሆነ ተናግሮ ከክሮንስታት ጋር አያይዞታል። ክሮንስታት በ1921 ባሕርተኞች አምፀው በቦልሼቪኮች የተጨፈለቁበት የጦር ሰፈር ነው። እንግዲህ አንባቢ ይህን ሲሰማ «አሃ፣ ወተቱ ክሮንስታት ነው» ብሎ ገጹን ይገለብጣል። ግን ተመልሳችሁ ክፍሉን አንብቡት። ባሕርተኛ የለም፣ ዐመፅ የለም፣ ተኩስ የለም። ወተት ነው የጠፋው። ደራሲው በልቡ ያሰበው መታጠፊያ ክሮንስታት ሊሆን ይችላል፤ ገጹ ላይ ያለው ግን የመጀመሪያዋ ትንሽ ስርቆትና ዝም ብሎ ያለፋት ሕዝብ ነው። እንደ እኔ፣ ወተቱ ከአሌጎሪ ይልቅ እንደ ትእምርት በደንብ ይሠራል።

ተቃራኒው ደግሞ አለ። ወፍጮው በፈንጂ ሲወድም እንስሳቱ ሁሉ መሬት ላይ ተጋድመው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ «ከናፖሊዮን በቀር»። መጀመሪያ የተጻፈው «ናፖሊዮንን ጨምሮ» ተብሎ ነበር። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት፣ በመጋቢት 1945፣ ኦርዌል ለአሳታሚው ጽፎ አስለወጠው። ጀርመኖች ሲገፉ ስታሊን ሞስኮን ጥሎ አልሄደም፤ ለእሱ ፍትሐዊ እንሁን ነው ያለው። ከተረቱ አንፃር ይህ አሳማ ቢጋደምም ባይጋደምም የሚጎድል ነገር የለም። ለውጡ ትርጉም የሚኖረው ከውጭ ላለው ታሪክ ብቻ ነው። ንጹሕ አሌጎሪ ማለት እንዲህ ያለው ቃል ነው።

የታሪክን ቅደም ተከተል በግድ ማስገጠም

«ሌኒን የታለ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ኦልድ ሜጀር የተባለው ሽማግሌ አሳማ ማርክስንም ሌኒንንም የሚያስታውስ ነገር አለው፤ ከአብዮቱ በፊት ግን ይሞታል። በእርሻው መንግሥት ውስጥ ሌኒን የሚባል አሳማ የለም። አንዳንዱ አንባቢ ክፍተቱን ለመሙላት አንዱን እንስሳ ጎትቶ ሌኒን ያደርገዋል። አያስፈልግም። ኦርዌል በ1947 ለዩክሬንኛው ትርጉም በጻፈው መግቢያ፣ ድርጊቶቹን ከእውነተኛው ታሪክ እንደወሰደ፣ ግን ቅደም ተከተላቸውን እንደለዋወጠ ራሱ ተናግሯል። ክፍተት ካገኛችሁ ክፍተት ነው ብላችሁ ተዉት።

የራስን ዘመን አንብቦ «ደራሲው ያሰበው ይሄን ነው» ማለት

ይህን አጭር ላድርገው። የትኛውም አገር ያለ አንባቢ በናፖሊዮን ውስጥ የሚያውቀውን አለቃ ሊያይ ይችላል። መብቱ ነው፤ ተረቱም የሚኖረው በዚህ ነው። ግን በ1945 የታተመ መጽሐፍ ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር አሌጎሪ ሊሆን አይችልም። «ይህን ያስታውሰኛል» እና «ስለዚህ የተጻፈ ነው» የተለያዩ አረፍተ ነገሮች ናቸው። ፈተና ላይ ወይም ጽሑፍ ላይ የሚያስቀጣው ሁለተኛውን በመጀመሪያው ቦታ መጻፍ ነው።

የመጨረሻውን ትዕይንት በአንድ ዓይን ብቻ ማየት

አሳማዎቹና ጎረቤት ገበሬዎቹ አብረው ጠጥተው ካርታ ይጫወታሉ። ውጭ ያሉት እንስሳት በመስኮት እያዩ የትኛው አሳማ የትኛው ሰው እንደሆነ መለየት አቃታቸው። ብዙ አንባቢ እዚህ ይቆምና «በቃ፣ ተስማሙ፣ አንድ ሆኑ» ይላል።

ፊቶቹ መመሳሰላቸው ትእምርት ነው። አሳማዎቹ ቤት ሲገቡ፣ አልጋ ላይ ሲተኙ፣ ሲጠጡ፣ በሁለት እግር ሲሄዱ የተጠራቀመው ሁሉ እዚህ ይደርሳል። ካርታው ግን ሌላ ነው። ናፖሊዮንና ፒልኪንግተን የተባለው ገበሬ በአንድ ጊዜ ያንኑ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ሁለቱም የስፔድ አስ። ከሁለቱ አንዱ አጭበርብሯል፤ ጠቡም የሚነሣው በዚያ ነው። ኦርዌል በዚያው መግቢያ ላይ ሲያብራራ፣ መጽሐፉ በስምምነት ሳይሆን በጠብ ጩኸት እንዲያበቃ ነው የፈለግሁት ይላል። ምክንያቱንም ይናገራል፤ የጻፈው ስታሊን፣ ቸርችልና ሩዝቬልት በ1943 ከተገናኙበት የቴህራን ጉባኤ ማግስት ነው። ያ ወዳጅነት እንደማይዘልቅ ገምቶ ነበር።

ስለዚህ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ፊቶቹ መመሳሰልን ይናገራሉ፤ ካርታው መጣላትን። ፊቶቹን ብቻ ያየ አንባቢ ጠቡን ያጣዋል። ካርታውን ብቻ ያየ ደግሞ ቴህራንን አግኝቶ በመስኮት የሚያዩትን እንስሳት ይረሳል።